ለምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፦ ያልሰከረ የሚመስለው ሰካራም ጉዳይ

ክቡር ኃላፊ፣

አቤቱታችንን መጀመሪያ በደብዳቤ አስገባን። ከዚያም በአካል መጥተን ጠየቅን። ያገኘነው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «አልኮሉም የተፈቀደ ነው፣ ኢነርጂ ድሪንኩም የተፈቀደ ነው።» እኛ የጠየቅነው ግን ስለ እያንዳንዳቸው አይደለም። ሁለቱ በአንድ ብርጭቆ ተቀላቅለው ስለመሸጣቸው ነው። በግል ስላልሰሙን በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

የእህቴ ልጅ 70 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ወጣት ነው። በዚያ ምሽት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ዘጠኝ መለኪያ ቮድካ ጠጣ። በእያንዳንዱ መለኪያ ውስጥ 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። መበረዣው አራት ጣሳ ኢነርጂ ድሪንክ ነበር። ባለ 250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ስለሚይዝ፣ በድምሩ 320 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። አብሮት የነበረ ሌላ ጓደኛው ቢራ ብቻ ነበር የሚጠጣው። እሱ አምስተኛው ላይ ዓይኑ ከበደው፣ ጥግ ይዞ አንቀላፋ። የእኛው ልጅ ግን እየጨፈረ አራት መለኪያ ጨመረ። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ መኪናውን አስነሣ። ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ዛሬም ያለ ክራንች አይራመድም።

ጓደኞቹ ለፖሊስ የሰጡት ቃል «እሱ እኮ አልሰከረም፣ ከሁላችንም ንቁ ነበር» የሚል ነው። አልዋሹም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ሆስፒታል ሲመረመር ግን በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1.2 ግራም አልኮል ተገኘ። ብዙ አገሮች ለአሽከርካሪ የሚፈቅዱት ከ0.5 አያልፍም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን መሥሪያ ቤትዎ አያጣውም። አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎልን «ደክሞሃል፣ ተኛ» ይለዋል። አልኮል ይህን መልእክት ያበረታል። ካፌይን ደግሞ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝና መልእክቱ እንዳይደርስ ያደርጋል። እንቅልፉ ይጠፋል፤ አልኮሉ ግን ከደም ውስጥ ንቅንቅ አይልም። አልኮልን የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት ነው። እሱም በሰዓት አንድ መለኪያ ያህል ብቻ ነው የሚችለው፤ ካፌይን ሥራውን አያፈጥንለትም። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም እንደዚሁ ናቸው።

የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት 26 ወጣት ወንዶችን ፈትነዋል። አልኮልን ከኢነርጂ ድሪንክ ጋር የጠጡት፣ አልኮል ብቻ ከጠጡበት ጊዜ ይልቅ ቅንጅታቸው ያን ያህል እንዳልተዛባ ተሰምቷቸው ነበር። ሲለኩ ግን የእጃቸው ቅንጅትም ሆነ ላዩት ነገር ምላሽ የሚሰጡበት ፍጥነት አልተሻሻለም። ስሜታቸውና መለኪያው አልተገናኙም። በእርግጥ የመሸፈኑ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ስሜቱን ብቻ አምኖ መሪ የሚይዝ ሰው ግን ራሱን የሚመዝንበት ነገር የለውም። የሚያዋጣው የጠጣውን መቁጠር ወይም በትንፋሽ መለኪያ መለካት ነው።

ለእኔ ከሁሉ የከፋው እነዚያ አራት መለኪያዎች ናቸው። አምስተኛው ላይ በደሙ ውስጥ የነበረው አልኮል 0.7 ግራም ገደማ እንደነበር በስሌት ይገመታል። ያኔም ማሽከርከር አልነበረበትም። ግን ዓይኑ ቢከብደው እንደ ጓደኛው እዚያው ያቆም ነበር። ቢራ የጠጣውን ልጅ ሰውነቱ አስቆመው፤ የእኛን ልጅ የሚያስቆመው ነገር ተነጥቆ ነበር። የነጠቀው ደግሞ እናንተ የምትቆጣጠሩት ጣሳ ነው።

«ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው» የሚለው መልስ ሌላ ቦታ ውድቅ ከተደረገ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ካፌይን የተጨመረባቸው የአልኮል መጠጦችን ለሚያመርቱ አራት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ካፌይን በለስላሳ መጠጥ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ በእነዚያ የአልኮል መጠጦች ውስጥ ግን ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ጭማሪ ነው ብሎ ወሰነ። ያ ውሳኔ በፋብሪካ የተቀላቀለውን እንጂ ቡና ቤት ውስጥ የሚቀላቀለውን አልነካም። እኛን የጎዳን ደግሞ ይኸኛው ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ጣሳው ላይ «ከአልኮል ጋር አይቀላቀልም፤ ስካርን ይደብቃል» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይታተም። ሁለተኛ፣ መጠጥ ቤቶች ሁለቱን ቀላቅለው እንዳይሸጡ መመሪያ ይውጣ። እምቢ የሚሉ ከሆነ ደግሞ ምክንያትዎን በጽሑፍ፣ በፊርማዎና በማኅተም ይስጡን። በክራንች ለሚሄደው ልጅ እናት የምናሳየው ወረቀት እንፈልጋለን።