በጀት የሚናጋው በአራተኛው ወር ነው

ለአዘጋጁ፣

አሁን ወስዶ በኋላ መክፈል ወይም በየወሩ ከፍሎ መግዛት አቅም ያለን ያስመስለናል፣ የወር በጀት ላይ ግን ጫናው ከባድ ነው፣ ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ።

የወር ገቢያችን 100 ነው እንበል፣ ኪራይ ምግብና ትራንስፖርት 90ውን ይወስደዋል፣ እጃችን ላይ 10 ይቀራል። 12 የሚያወጣ ዕቃ በካሽ አንችልም፣ በአራት ወር ሲከፋፈል ግን በወር 3 ብቻ ነውና እንወስደዋለን። በቀጣዩ ወር ደግሞ ሌላ ባለ 12 እንጨምራለን፣ እሱም በወር 3 ነው፣ ግን የመጀመሪያው ገና አላለቀም። እንደዚህ በየወሩ አንድ አንድ ከጨመርን ክፍያው 3፣ ከዛ 6፣ ከዛ 9 እያለ በአራተኛው ወር 12 ይደርሳል። በየወሩ አንድ ዕቃ በካሽ እንደመግዛት ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ድሮም ከአቅማችን በላይ ነበር። ወለድ የለውም ቢባልም ሂሳቡ ያው ነው፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምንም አይሰማም።

ሌላው ቀኑ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መክፈያ ቀን አለው፣ ከካርድ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነ ደሞዝ ሳይገባ ሊደርስ ይችላል፣ ከዛ የመዘግየት ቅጣት ሊጨመርበት ይችላል።

እንዲህ በየወሩ ክፍያ የሚሸጡልን አፖች «በወር 3» ብቻ ከሚሉ ከማጽደቃችን በፊት ያሉብንን ክፍያዎች ደምረው የቀጣዮቹን አራት ወራት ድምር ቢያሳዩን፣ እስከዛ ግን ያለው ሳያልቅ አዲስ ባንጨምር ጥሩ ነው።

አንድ አንባቢ