የእሑዱን ክርስትና ስለ መቅረጽ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ይህን የምጽፈው እሑድ አራዳ ጊዮርጊስ በሚፈጸመው የሕፃኗ የ80 ቀን ክርስትና ላይ ፎቶና ቪዲዮ መቼ እንደሚነሣ አስቀድመን እንድንስማማ ነው። ሕፃኗ የምትጠመቀው ራቁቷን ስለሆነ፣ ልብሷ ከሚወልቅበት ጊዜ ጀምሮ ሜሮን ተቀብታ፣ ማዕተቧ ታስሮላት ነጭ ልብስ እስክትለብስ ድረስ ማንም ስልክ እንዳያወጣ ወላጆቿ ጠይቀዋል። ቅዳሴውም እስኪያልቅ አይቀረጽም፤ ባለፈው ክርስትና የአንዳችን ፍላሽ ልክ ቁርባን ሲቀበሉ በርቶ ሁላችንም አፍረናል። ከቅዳሴ በኋላ የክርስትና እናቷ ታቅፋት ግቢው ውስጥ በሰፊው እናነሣለን። የሌሎች ተጠማቂ ሕፃናት መልክ የገባበት ፎቶ ይሰረዝ፤ የቀረውም እናቷ አይታ ሳትፈቅድ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነጠላ ለብሰን በሩ ላይ እንገናኝ። መስማማታችሁን እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።