"ለውጥ የለም" ስለሚለው ቅጽ

ይድረስ፦ ለሕፃናት ተሃድሶ ሕክምና አገልግሎት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ቅጽ ነው። በየ6 ወሩ ለወላጅና ለአስተማሪ የምንሞላው የፊዚዮቴራፒ ሪፖርት። ባለፈው ሳምንት ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት የ7 ዓመት ልጅ ሞላሁት። እናቱ አንብባ ስትጨርስ፣ "ታዲያ 6 ወር ሙሉ በከንቱ ነው የለፋነው?" አለችኝ።

ጥፋቱ የቅጹ ነው። "የእንቅስቃሴ ደረጃ" በሚለው መስመር ያለፈውን 3፣ የአሁኑንም 3 ብለን እንሞላለን። ከዚያ "ለውጥ" የሚለው ሳጥን "የለም" ያሰኘናል። ደረጃ 3 ማለት ልጁ ዎከር ወይም ሌላ በእጅ የሚያዝ መደገፊያ ይዞ ይራመዳል ማለት ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ይህ ምደባ የፈተና ነጥብ አይደለም። ሕክምናው እየሠራም ቢሆን አብዛኛው ልጅ እዚያው ደረጃው ላይ ይቆያል።

ልጁ ግን ተለውጧል። ከ6 ወር በፊት ከወንበር ሲነሳ ሁለት እጁን ይዘን እንስበው ነበር። አሁን አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ብድግ! ሰዓት ይዤለት 8 ሰከንድ ፈጀበት። ቅጹ ላይ ይህን የምጽፍበት ቦታ ስለሌለ ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ ጨመርኩት።

የከፋም ነገር አለ። ጉልበቱን ዘርግቼ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ሳጥፈው ድሮ እግሩ ከቅልጥሙ ጋር 90 ዲግሪ ከሚሠራበት ቦታ 10 ዲግሪ ያልፍ ነበር። አሁን እዚያው 90 ዲግሪው ላይ ይቆማል። ቅጹ ይህን "0" ብሎ ያስቀምጠዋል፤ እናቱም "ዜሮ አገኘ" ብላ አነበበችው። ነገሩ ሌላ ነው። ልጁ በእነዚህ ወራት 3 ሴንቲሜትር ረዝሟል። አጥንቱ ሲያድግ የተወጠረው የባት ጡንቻ እኩል አልተከተለውም። እናቱ የጡንቻ መሳሳቢያ እንቅስቃሴውን ስላላሠራችው አይደለም። ዝም ከተባለ ግን ተረከዙ መሬት መንካት ያቆማል፣ እግሩን የሚደግፈው ብሬስም አልገባ ይለዋል።

ለአስተማሪዋ ደግሞ ዲግሪው ምን ይረባታል? እኔ የጻፍኩላት ይህን ነው። ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ መሬቱን በሙሉ ይርገጡ፤ ካልደረሱ ከሥራቸው ሳጥን ይግባ። ሲነሳ አይጎትቱት፣ 8 ሰከንዷን ይጠብቁት። ብሬሱ ሲወልቅ ቆዳው ላይ ቀይ ምልክት ካለና በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ መልሰው አያድርጉለት፤ ለእናቱ ይንገሯት።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። ከደረጃው ጎን ያለው "ለውጥ" የሚል ሳጥን ይውጣ፤ በምትኩ "ልጁ አሁን በራሱ የሚያደርገው" የሚል ባዶ ቦታ ይግባ። የአስተማሪውም ገጽ ለብቻው ይሁን፣ ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ ይላክ። የልጁ የመድኃኒት ታሪክ መማሪያ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ቁርጭምጭሚቱን ከ6 ሳምንት በኋላ እንደገና እለካለሁ፤ 6 ወር አልጠብቅም። አዲሱ ቅጽ እስኪመጣ ዳሩ ላይ መጻፌን እቀጥላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስት