ለትራኮማ ቀዶ ሕክምና የወጣው የእርዳታ ጥሪ እንዲህ ቢጻፍስ?

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የእርዳታ ጥሪ አንብቤዋለሁ። በትራኮማ የተነሳ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ለተቀለበሰባቸው ሰዎች ማሳከሚያ ገንዘብ ነው የሚጠይቀው። እኔ የዓይን ሕክምና ነርስ ነኝ። አማራ ክልል ውስጥ በጤና ጣቢያ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ስሠራ ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ ሥራው ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። የጥሪው አጻጻፍ ግን በጣም ከንክኖኛል። ድርጅቱን መጉዳት ስለማልፈልግ ስሙን አልጠራም።

ጥሪው ላይ ፊቷን ዝንብ የወረራት ሕፃን ፎቶ አለ። ከሥሩ «ዛሬ ካልሰጡ ነገ ትታወራለች» ይላል። ዝቅ ብሎ «በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብርሃኗን ይመልሱላት» ይልና መጨረሻው ላይ «ዝም ካሉ እርስዎም ተጠያቂ ነዎት» ብሎ ይዘጋል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ «ብርሃኗን ይመልሱላት» የሚለው ነው። ትራኮማ በልጅነት ደጋግሞ የሚይዝ ኢንፌክሽን ነው። በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ ከያዘ የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱም ዓይኑ ላይ ይተኛል። ከዚያ ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ኮርኒያውን፣ ማለትም ከፊት ያለውን ጥርት ያለውን የዓይን ክፍል ይፍቀዋል። ሲቆይ ይቆስላል፣ ቁስሉም ነጭ ጠባሳ ይሆናል። የእኛ ቀዶ ሕክምና ቆቡን ወደ ውጭ አዙሮ መፋቁን ያስቆማል። ነጩን ጠባሳ አያነሳውም። እንባውና ቁስለቱ ሲቀር ትንሽ የተሻለ የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ ግን ይህን ለማንም ቃል አንገባም። የሞራ ግርዶሽ የተሠራለት ሰው ፋሻው ሲፈታ ማየት ሊጀምር ይችላል። ጥሪውን የጻፈው ሰው ሁለቱን ሕክምናዎች ያምታታቸው ይመስለኛል።

ይሄ ደግሞ የሚጎዳው ገንዘብ ሰጪውን ብቻ አይደለም። «ብርሃንሽ ይመለሳል» የተባለች እናት ፋሻው ሲፈታላት ያው ጭጋግ ከጠበቃት፣ መንደሯ ገብታ «ምንም አልሠራልኝም» ነው የምትለው። ሕመሙ ቀርቶላታል፣ የቀረው እይታዋም ከዚያ በላይ የመጎዳት ዕድሉ ቀንሷል፣ ጎረቤቷ ጆሮ የሚደርሰው ግን «አልሠራልኝም» የሚለው ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዘመቻ ጎረቤቷ ትቀራለች። የጎረቤቷ ኮርኒያ እኮ ገና ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ከሁሉም በላይ መምጣት የነበረባት እሷ ነበረች።

ፎቶውም ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚፈልጉት በአብዛኛው አዋቂዎች ናቸው፣ ከእነሱም የሚበዙት ሴቶች፤ ከልጆች ጋር የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ ኢንፌክሽኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመላለስባቸው ይኖራል። ሕፃኗ የሚያስፈልጋት ውኃ፣ ፊት መታጠብና በየዓመቱ ለማኅበረሰቡ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ነው። ለዚህ እደላ የሚሆነውን መድኃኒት ፋይዘር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፣ ስለዚህ «መድኃኒት እንገዛበታለን» ከማለት መድኃኒቱን ቤት ለቤት ለማድረስ ምን እንደሚያስፈልግ መናገር ይሻላል። «ነገ ትታወራለች» የሚለውም የበሽታውን ጠባይ አይገልጽም። ዓይነ ስውርነቱ በዓመታት ነው የሚመጣው። መቸኮል ያለብን ፀጉሩ እየፋቀ በቆየ ቁጥር የማይመለስ ጠባሳ የመውጣቱ ዕድል ስለሚጨምር ነው፣ ይሄ እውነት ደግሞ በራሱ ይበቃል።

«ተጠያቂ ነዎት» ስለሚለው ብዙ አልልም። ጋዜጣችሁን የሚያነበው ሰው ጡረተኛ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዓረብ አገር ሠርታ በየወሩ ለቤተሰቧ የምትልክ ልጅ። ስለኑሯቸው ምንም ሳናውቅ ያላጠፉትን ጥፋት ልንጭንባቸው አይገባም።

እንግዲህ ትችት ብቻ ጽፌ እንዳልቀር ጥሪውን እንደገና ጻፍኩት። ይኸው፦

«ጤና ይስጥልን።

ሽፋሽፍት ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማ ያውቁታል። አንዲት ፀጉር ናት፣ ግን እስክትወጣ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። በምንሠራበት ወረዳ ይህ ስሜት ለዓመታት ያልለቀቃቸው ሰዎች አሉ።

አንዲት እናት እንዲህ ትኖራለች። እንጀራ ስትጋግር ጭሱን አትችለውም። ገበያ የምትሄደው ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ነው፣ ፀሐዩ ዓይኗን ስለሚወጋት። የገባውን ፀጉር ልጇ በወረንጦ ይነቅልላታል። ለጥቂት ቀን ታርፋለች። ከዚያ መልሶ ይበቅላል፤ ከሥሩ ሳይነቀል የተቆረጠው ደግሞ አጭርና ሹል ሆኖ ይወጋታል።

ይህች እናት አንድ ሰው አይደለችም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ የብዙ ሴቶችን ኑሮ አንድ ላይ አድርገን ነው የጻፍነው።

ሕክምናው የሚሰጠው እዚያው ወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። የሠለጠነ ነርስ የዓይን ቆቡን በመርፌ አደንዝዞ ይቀደዋል፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋዋል። ለአንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ታካሚዋ ዓይኗ ተሸፍኖ ታድራለች። በማግስቱ ይፈታላታል፣ የዓይን ቅባት ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ክሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ፀጉሩ ዓይኗን አይፍቃትም። የቀረው እይታዋም ተጠብቆ የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል። ቀድሞ የጠፋውን እይታ ግን ይህ ሕክምና አይመልስም። ከተሠራላቸው 10 ሰዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በበዙት ላይ፣ ፀጉሩ በዓመት ውስጥ እንደገና ሊቀለበስ ይችላል። ስለዚህ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ተመልሰን እናያቸዋለን፣ ያገረሸባቸውን እንደገና እናክማለን።

አንድን ሰው ለማከም ___ ብር እናወጣለን። ከዚህ ውስጥ ___ ብር ለክር፣ ለማደንዘዣ፣ ለጓንትና መሣሪያዎቹን ከጀርም ለማጽዳት ነው። ___ ብር ለነርሱ አበልና ለመኪናው ነዳጅ፣ ___ ብር ደግሞ ተመልሰን ለምናደርገው ክትትል ይውላል። አበሉና ነዳጁም የሕክምናው አካል ናቸው፣ ነርሱ ካልደረሰ ክሩ ብቻውን ምንም አይሠራም።

በዚህ ዓመት በወረዳው ___ ሰዎችን ለማከም አቅደናል። እስካሁን ለ___ ሰዎች የሚበቃ ገንዘብ አለን። የሚሰጡት በዚያ ላይ ይጨመራል፣ ከተረፈም ለሚቀጥለው ወረዳ ይውላል።

መስጠት ከቻሉ ከልብ እናመሰግናለን። አሁን የማይመችዎ ከሆነም እስከዚህ ስላነበቡን እናመሰግናለን። ከሚያውቋቸው ሰዎች መካከል የዓይኑን ፀጉር በወረንጦ የሚያስነቅል ካለ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲታይ ይንገሩልን። ከስድስት ወር በኋላ ስንት ሰው እንደታከመና ስንቱ ላይ እንዳገረሸ ጽፈን እናሳውቅዎታለን።»

ቁጥሮቹን ባዶ የተውኩት ሆን ብዬ ነው። የአንድ ሰው የሕክምና ወጪ እንደ ወረዳው ርቀትና በአንድ ዘመቻ እንደሚታከመው ሰው ብዛት ይለያያል። መንገድ በማይገባበት ቀበሌ ጥቂት ሰዎችን ለማከም መሄድና ከተማ አጠገብ ብዙ ሰው አሰባስቦ መሥራት አንድ ዋጋ አይኖራቸውም። ትክክለኛውን የሚያውቀው የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ነው። የማኪያቶ ዋጋ የተመረጠው ለጆሮ ስለሚጥም ከሆነ፣ ነገ አንድ አንባቢ ደውሎ ዝርዝሩን ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል።

«ያገረሻል» የሚለው ይቅር፣ ሰው ይሸሻል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እኛ ነርሶች ግን ይህንኑ ለእያንዳንዷ ታካሚ ከመሠራቷ በፊት እንነግራታለን። ሰምታም ትፈቅዳለች፣ ምክንያቱም ሕመሙን ታውቀዋለች። የራሷን ዓይን የምትሰጠን ሴት የምትችለውን እውነት፣ ብር የሚሰጠን ሰው አይችለውም ብዬ አላስብም። ደግሞም ክትትሉ ገንዘብ የሚጠይቀው በማገርሸቱ ነው። ያንን ከደበቅን በ6ኛው ወር ተመልሰን የምንሄድበትን ነዳጅ በምን ስም እንጠይቃለን?

ስለ ፎቶም አንድ ነገር ልበል። ለሕክምና ወረፋ ይዛ የተቀመጠችን ሴት «ፎቶ እናንሳሽ?» ብሎ መጠየቅ ፈቃድ መጠየቅ አይባልም። እምቢ ብል አይሠሩልኝም ብላ ነው እሺ የምትለው። የሚጠየቀው ክሩ ከወጣ በኋላ ነው፣ ፎቶውን አሳይቶ፣ የት ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ ነግሮ። እምቢ ካለችም በቃ። በእኔ ረቂቅ ላይ ፎቶ የሌለው ለዚህ ነው፣ በትክክል ከተጠየቀ ግን እየሣቀች የተነሳችበት ፎቶ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ድርጅቱ ጥሪው ውስጥ ተስፋ ማስገባት ከፈለገም ማጋነን አያስፈልገውም። ጋና በ2018፣ ማላዊ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ትራኮማን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን እንዳወጡት የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። የተጠቀሙትም ይህንኑ ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ የመድኃኒት እደላ፣ የፊት ንጽሕና፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት። የእኛ ሸክም ከእነሱ በጣም ይከብዳል፣ አማራ ክልል ደግሞ ከአገሪቱም በብዛት ከተጎዱት አንዱ ነው፣ መንገዱ ግን ያው ነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጥሪው እንደገና የሚወጣ ከሆነ ይህን ረቂቅ ለድርጅቱ አድርሱልኝ። ባዶዎቹን ቦታዎች ይሙሏቸው፣ ቦታ ካነሳቸውም እንደፈለጉ ያሳጥሩት። የጠፋ እይታ እንደማይመለስ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዳያወጡት አደራ እላለሁ።

አክባሪያችሁ
የዓይን ሕክምና ነርስ፣ ከባሕር ዳር