የሥራ ፈቃዱ ቀን ሲያልፍ የሥራ ውሉስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ውጭ ሀገር ዜጎች የሥራ ፈቃድ የወጣውን ጽሑፍ ቡሬ ላይ ሆኜ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የፈቃዱ ዘመን ያበቃበት ሠራተኛ ሥራውም ያበቃለታል በማለት ነገሩን በአንድ መስመር ዘግተውታል። ባለፈው ዓመት በምሠራበት ፋብሪካ እኔም እንደ እርሳቸው አምኜ በመወሰኔ የደረሰውን ስለማውቅ፣ ያ አንድ መስመር ሊታረም ይገባል እላለሁ።

የምሠራው በምዕራብ ጎጃም በሚገኝ አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ውስጥ በሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊነት ነው። ፋብሪካው ፕሪፎርም የምንለውን ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አሙቆ ወደ ጠርሙስነት የሚነፋ ማሽን አለው። ይህን ማሽን ለአራት ዓመታት የጠገኑልን አንድ ህንዳዊ ቴክኒሺያን ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ በመሆኑ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» እያለ ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት በዚያው ቀርተዋል። ደመወዛቸው በወር 60,000 ብር ሲሆን፣ የሥራ ውላቸው የሚያበቃበትን ቀን አይጠቅስም።

ስሕተታችን የጀመረው ከአንድ መዝገብ ነው። በሥራ ፈቃዳቸው ላይ የማብቂያው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር 10/12/2024 ተብሎ ተጽፏል። መዝገቡን የሚይዘው ባልደረባችን ዓመተ ምሕረቱን ወደ 2017 ለወጠና ወሩን ግን ሳይቀይር ተወው። አሥራ ሁለተኛው ወር ለእሱ ነሐሴ ነውና «ነሐሴ 10 ቀን 2017» ብሎ ጻፈ። እውነተኛው ቀን ግን ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ነበር። እኔም ገጹን አይቼ ፈርሜበታለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የባልደረባዬ ብቻ አይደለም።

ጋሼ ልጃቸውን ለመዳር ፈቃድ ጠይቀው የጉዞ ወረቀታቸውን ስናዘጋጅ ነው ነገሩ የታወቀው። ያን ዕለት ጥር 6 ነበር። ሳናውቀው ለ35 ቀናት ያለ ፈቃድ ሲሠሩ ከርመዋል ማለት ነው። ደንግጠን በዚያው ዕለት ከማሽኑ ገለል እንዲሉ ነገርናቸው። ይህ እርምጃ ትክክል ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 176 የውጭ ሀገር ዜጋ ሊቀጠር የሚችለው የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋልና። የተሳሳትነው ከዚያ በኋላ ነው። «ፈቃድ ከሌለ ውል የለም» ብለን ስማቸውን ከደመወዝ መክፈያ ሊስት አወጣን፤ ይህን ቃል የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

እድሳቱም በቀላሉ የሚያልቅ አልሆነም። ፈቃዱን የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከሚጠይቃቸው ሰነዶች አንዱ የድርጅቱ የታደሰ የንግድ ፈቃድ ነው፤ የንግድ ፈቃዱ ደግሞ የግብር ክሊራንስ ይፈልጋል፤ የእኛ ክሊራንስ በአንድ የሒሳብ ክርክር ምክንያት ተይዞ ነበር። ከቡሬ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን የሚዘጋ ስለነበር፣ አንድ የጎደለ ወረቀት ለማሟላት አንድ ሳምንት ይፈጅብን ነበር። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በሥራ ፈቃዱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና እሱም አብሮ ወደቀ፤ ሰውየው ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን የልጃቸውንም ሠርግ አጡ። ፈቃዱ ታድሶ ወደ ሥራ የተመለሱት የካቲት 23 ነው። ከጥር 6 እስከ የካቲት 22 ድረስ ለ47 ቀናት ያለ ደመወዝ በተከራዩት ቤት ተቀምጠዋል።

በዚያ መካከል አንድ ቀን ቢሮዬ መጥተው፣ በትሕትና፣ «እኔ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ ፈቃዱን የምታሳድሱት ግን እናንተ ናችሁ» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማታ አዋጁን አውጥቼ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ።

የሥራ ውል በሕግ መሠረት የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች በአንቀጽ 24 ተዘርዝረዋል፦ የውሉ ጊዜ ወይም የተወሰነው ሥራ ማለቅ፣ የሠራተኛው መሞት፣ ጡረታ፣ የድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው መዘጋት፣ የሠራተኛው መሥራት አለመቻል። የሥራ ፈቃድ ማለቅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የፈቃዱ ማለቅ ሥራውን ያስቆማል፤ ውሉ ግን በራሱ ጊዜ አይፈርስም። ሁለቱ ሰነዶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ በመንግሥትና በፈቃድ ጠያቂው መካከል ያለ ነው፣ ሌላው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል።

ከዚያ አልፌ ወደ አንቀጽ 54 ደረስኩ። ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ይልና ቀጥሎ፣ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያና በጥሬ ዕቃ መቋረጥ ወይም እሱ ተጠያቂ በማይሆንበት ምክንያት ሳይሠራ ከቀረ ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የእኛ ጉዳይ ከዚህ በላይ የሚገጥም አይመስለኝም። ቀኑን የሳትነው እኛ፣ ክሊራንስ ያጣነው እኛ፣ ዝግጁ ሆነው የጠበቁት እሳቸው። ሠራተኛው ራሱ ፓስፖርቱን ሳያሳድስ ወይም የተጠየቀውን የትምህርት ማስረጃ ሳያቀርብ ቢዘገይ ግን መልሱ ሌላ በሆነ ነበር፤ ምክንያቱ ከእሱ ነውና። ስለዚህ ፈቃድ ሲያልፍ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የዘገየው ማን እንደሆነ ነው።

ሒሳቡን ለሥራ አስኪያጃችን በአንድ ገጽ ሠራሁት። ቀኑን በ2,000 ብር ብንቆጥር የ47 ቀን ደመወዝ 94,000 ብር ነው። ይህን ላለመክፈል ብንገፋና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ቢባልስ? ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ካልተመለሰ የካሳው መጠን 180 የቀን ደመወዝ ነው፤ ማለትም 360,000 ብር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሰው የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የሁለት ወር ስለሆነ በእሱ 120,000 ብር ይጨመራል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ እንደ እሳቸው ያሉትን የውጭ ሀገር ዜጎች ስለማይሸፍን፣ ጡረታ የሌላቸው እኚህ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ ሲሶ ሲጨመርበት ሌላ 120,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 600,000 ብር ነው። ሥራ አስኪያጁ ገጹን አንብበው ሲጨርሱ 94,000 ብሩ በዚያው ሳምንት እንዲከፈል አዘዙ። ሕጉን ፈርተው ይሁን ሰውየው አሳዝነዋቸው አላውቅም፤ ብቻ ተከፈለ።

እነዚያ 47 ቀናት ያጋለጡት ሌላም ነገር አለ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ሲሆን፣ የተለመደው ዘመኑም በየዓመቱ እየታደሰ ሦስት ዓመት ነው፤ ሚኒስቴሩ እንደ አስፈላጊነቱ ሊለውጠው ይችላል፣ የውጭ ዜጋው ለሥራው አያስፈልግም ብሎ ካመነም ሊሰርዘው ይችላል። ሐሳቡ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በጎን ሠልጥኖ ቦታውን እንዲረከብ ነው። እኛም በየእድሳቱ ከጋሼ ጋር የምትሠለጥን የአንዲት የፖሊ ቴክኒክ ምሩቅ ስም በቅጹ ላይ እየሞላን ስንልክ ኖረናል። ጋሼ ከማሽኑ በተነሡ በአራተኛው ቀን ጠርሙሱ ወገቡ ላይ ወተት የተረጨበት መስሎ እየነጣ መውጣት ጀመረ። ልጅቱ ፕሪፎርሙ ከልክ በላይ እንደጋለ በዓይኗ አውቃለች፤ የማሞቂያ መብራቶቹን ኃይል ለመቀነስ ወደ ስክሪኑ ስትሄድ ግን ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቃት። የይለፍ ቃሉን ደግሞ የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። አራት ዓመት በወረቀት «ሠልጥናለች» ያልናት ልጅ አንድ ቁጥር ለመቀነስ አልተፈቀደላትም ነበር። ጋሼም አልከለከሏት፤ እኛም ይሰጣት አላልን፤ ማንም ትዝ አላለውም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። ፈረንጅ ፓስፖርት የያዘ ሁሉ ይህ ጣጣ የለበትም። አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ የደጀን ተወላጅ መሐንዲስ አብሮን ይሠራል፤ ፓስፖርቱ የአሜሪካ ቢሆንም ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አለውና በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሥራ ፈቃድ ሳያስፈልገው ተቀጥሯል። አንድ ጊዜ የእሱንም ፋይል ለእድሳት ልናዘጋጅ ተነሥተን ሲስቅብን ነው የተውነው።

ሕጉ ሁሉን ነገር መልሷል ማለቴ አይደለም። ሚኒስቴሩ እድሳቱን ከነአካቴው ቢከለክል፣ አሠሪም ሠራተኛም ሳያጠፉ ውሉ በየትኛው አንቀጽ እንደሚቋረጥና ማን ምን እንደሚከፍል አዋጁ በግልጽ አልተናገረም። ይህን ክፍተት በመመሪያ መሙላት ይቻላል። የፈቃዱ ማብቂያ ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር ቢታተም የእኛን ዓይነት ስሕተት ከመነሻው ያስቀር ነበር። እስከዚያው አሠሪዎች ውሉ ላይ ራሳቸው ሊጽፉት ይችላሉ፦ ፈቃዱን የሚያሳድሰው ማን እንደሆነ፣ ቢዘገይ ደመወዙ ምን እንደሚሆን፣ ቢከለከል የምን ያህል ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ።

የጋሼ ፈቃድ በታደሰበት ዘመን መሠረት የሚያበቃው ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ነበር። በዚህኛው ጊዜ አስቀድመን ተነጋገርን። እንዳይታደስ ተስማማን፤ ውል በስምምነት ሲቋረጥ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውምና መስከረም ላይ ተፈራረምን፤ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ታስቦ የአገልግሎት የምስክር ወረቀታቸውም ተዘጋጀ። ስክሪኑ የሚከፈትበትን ቁጥር በወፍራም እስክሪብቶ ጽፈው ለልጅቱ ሲሰጧት ቆሜ አይቻለሁ። እሷም ወረቀቱን አጥፋ ከሥራ ካፖርቷ ኪስ ከተተችና መብራቶቹን ልታይ ሄደች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ
ከቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም