የማጣቀሻ ዝርዝሩን ስለማስተካከል

ሰላም ጓዶች፣

የደሴው ጽሑፋችን ማጣቀሻ አሁንም ዝብርቅርቅ ነው። ሁሉንም ወደ ቫንኩቨር ስልት እናምጣ። ትልቁ ጣጣ የአገራችን ስም አጻጻፍ ነው። ለምሳሌ የአበበ ከበደ አንድ ጽሑፍ 7ኛ ላይ Kebede A፣ 19ኛ ላይ Abebe K ተብሎ ሁለቴ ሊገባ ይችላል። ዲኦአይው አንድ ከሆነ ጽሑፉም አንድ ነው። ፐብሜድ ላይ የተመዘገበውን ያዙ። «የአባት ስም መቅደም የለበትም» ብላችሁ አትገልብጡት፣ አንባቢ ፈልጎ ያጣዋል።

ድጋሚውን ግን ዞቴሮ ላይ ዝም ብላችሁ አትሰርዙት። ሁለቱን ምረጡና Merge Items በሉ። ከሰረዛችሁት ወርድ ላይ ያለው ጥቅስ ማያያዣው ይበጠሳል። ከዚያ ወርድ ላይ Refresh ስትጫኑ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ። በእጅ ቁጥር የነካችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።