የሞተራችሁ ብሎን ለምን ቶሎ ቶሎ ይላላል?

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የወፍጮ ቤት ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። እህል ከአውድማ ገብቶ ወፍጮው ፋታ የሚያጣበት ጊዜ ስለሆነ ይህን ሳንውል ሳናድር ልንነግራችሁ ወደድን።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛችን ከሐርቡ ደወሉልን። አድሰን ያስረከብናቸው ሞተር እግሩ ላይ ያሉት አራቱ ብሎኖች በየሳምንቱ ይላላሉ። ስፕሪንግ ሮንዴላ ጨመሩ፣ ለውጥ የለም። ሄደን አየነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ሞተሩን ስናድስ እግሩን ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት እጅ ቀለም ቀብተነው ነበር። ደንበኛችንን ይቅርታ ጠይቀናል። ሌሎቻችሁም ዘንድ እንዲህ የሄደ ሞተር ስላለ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳችሁ።

ብሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል። ብረት ቢሆንም እንደ ላስቲክ ነው፤ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል የሞተሩን እግርና ቤዙን አጣብቆ ይይዛል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን በወጉ ከጠበቀ 3.7 ቶን ገደማ ይጨምቃል። አራቱ ሲደመሩ 15 ቶን ያህል ይሆናል። በዚህ ጭመቃ የተያዘ ሞተር በሰበቃው ብቻ ወደ ጎን እስከ 2 ቶን የሚደርስ ጉተታ ይቋቋማል። የእናንተ ቺንጋ ይህን ያህል አይጎትትም።

ችግሩ መለጠጡ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። ከጭንቅላቱ እስከ ዳዶው 40 ሚሊሜትር ያለው ብሎን የሚለጠጠው 0.08 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ቀለሙ ደግሞ ከዚያ ይወፍራል። ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ቀለሙ እየተጨመቀ ይሸሻል። ያቺ የፀጉር ያህል መለጠጥ አብራው ታልቃለች። ዳዶው ሳይዞር ጭመቃው ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ነው መዞር የሚመጣው። ያልተጨመቀ እግር ቺንጋው በጎተተ ቁጥር ወደ ጎን ትንሽ ይንሸራተታል። ጥርስና ጥርስ ወደ ጎን ሲንሸራተቱ ዳዶውን የያዘው ሰበቃ ለቅጽበት ይከዳል። ጥርሱ ተዳፋት ስለሆነ ዳዶው በዚያች ቅጽበት ወደ መላላት ይሄዳል። ጀርመናዊው ኢንጂነር ጁንከር ይህን በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሙከራ አሳይቷል። ስፕሪንግ ሮንዴላ የማያድነውም ለዚሁ ነው። ብሎኑ ከሚጨምቀው በትንሹ ሙሉ በሙሉ ይተኛል፤ ከተኛ በኋላ ተራ ሮንዴላ ነው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማርከር ይበቃል። ከዳዶው ጀምራችሁ እስከ ሞተሩ እግር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከሳምንት በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ቁልፉ በቀላሉ የሚዞርላችሁ ከሆነ ግን ከሥር የሸሸ ነገር አለ። የሐርቡው ላይ መጀመሪያ ያየነው ይህንን ነው። በሮንዴላው ዙሪያ እንደ በርበሬ የቀላ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ብረቱ እየተንሸራተተ እየተፋጨ ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ብሎኑን ፈታችሁ የእግሩን ሁለት ፊትና የቤዙን ፊት ብረቱ እስኪታይ ፋቁ። የቤዙ ቀዳዳ ረጅም ከሆነ ወፍራም ሮንዴላ አድርጉ፤ ስስ ከሆነ ወደ ቀዳዳው ይጎብጣል። ጥርሱ ደረቅና ንጹህ ከሆነ ማጥበቂያው 88 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ በ25 ሳንቲሜትር ቁልፍ ጫፉ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ነው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይከብዳል።

ዘይት ከቀባችሁ ግን ወደ 65 አውርዱት። ከጉልበታችሁ አብዛኛውን የሚበላው ሰበቃ ነው፤ ብሎኑን የሚለጥጠው አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው። ዘይት ሰበቃውን ሲቀንሰው ያው 88 ብሎኑን እስከ አቅሙ ጫፍ ይጎትተዋል። ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር የሌለውን ብሎን በዚህ ልክ አታጥብቁት፤ የዚህን ግማሽ እንኳ ላይችል ይችላል። ለዚህ ቦታ ባለ 8.8 ግዙ።

አንድ ቀን ከሠራ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በዚያው ልክ አንዴ ድገሙት። ከዚያም ቢላላ መዶሻዎቹ እኩል አለመበላታቸውን እዩ፤ ያኔ ችግሩ ብሎኑ ላይ ሳይሆን መንቀጥቀጡ ላይ ነው።

እኛ ጋ ታድሶ እግሩ የተቀባ ሞተር ያላችሁ ሁሉ ቀን ንገሩን። ኮምቦልቻም ደሴም ሐይቅም መጥተን ፍቀን እናጠብቃለን፤ ክፍያ የለውም። የሐርቡው ከተፋቀ አራት ሳምንት ሆኖታል፤ የማርከሩ መስመር አልተነቃነቀም፣ በ88 ስንሞክረውም ዳዶው ንቅንቅ አላለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ጥገና ወርክሾፑ ባልደረቦች